ሰዓቱን ሰጠሁ፣ አፑን አጠፋሁ፣ መረጃው ግን ተመልሶ መጣ

ጥያቄ፦ «ሁለት ዓመት ያደረግኩትን ስማርት ሰዓት ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። አፑን ከአይፎኔ ላይ አጠፋሁ፤ ሄልዝ በሚባለው የስልኩ የጤና አፕ ውስጥ ያለውን የልብ ምት፣ የእንቅልፍና የወር አበባ መዝገብም ቁጭ ብዬ ደመሰስኩ። ወንድሜ በራሱ ስልክ ሊያገናኘው ሲሞክር ግን ሰዓቱ በሌላ ሰው አካውንት ተይዟል አለው። ነገሩን ለማየት አፑን መልሼ ስጭነው ሁሉም መረጃ እንዳለ አለ፤ በማግስቱ ጠዋት ሄልዝ ውስጥም ተመልሶ ገብቷል። ይባስ ብሎ ጉንፋን ይዞኝ አልጋ ላይ በዋልኩበት ቀን 9,412 እርምጃ ሄደሻል ይለኛል። ሰዓቱ ከሌላ የሩጫ አፕ ጋርም የተገናኘ ነው፤ እዚያ ያለው የሩጫ መዝገቤ ቢተርፍልኝ ደስ ይለኛል፤ ሌላው ግን እንዲጠፋ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ። አልጋ ላይ ሆነሽ ስለሄድሻቸው 9,412 እርምጃዎች ልንገርሽ፤ የወንድምሽ ናቸው። ሰዓቱ የሱ እጅ ላይ ቢሆንም እስካሁን በአንቺ አካውንት እንደተመዘገበ ነው፤ በብሉቱዝ የሚተዋወቀውም ከአንቺ ስልክ ጋር ነው። ወንድምሽ ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ የተቆጠረውን ሰዓቱ ይዞ ይቆይና፣ ማታ ቤት ሲገባ ስልክሽ አጠገብ ሲደርስ ያንቺ አፕ ላይ ያራግፈዋል። የመጣው ደግሞ እርምጃ ብቻ አይደለም፤ የዚያን ቀን የልብ ምት ግራፍም የሱ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ያንን ግራፍ ብታሳዪ የሁለት ሰው ልብ በአንድ መስመር ላይ ታሳዪ ነበር።

የጻፍሻቸው ችግሮች ሁሉ መነሻቸው አንድ ነው። ከላይ ያለውን ቧንቧ ሳትዘጊ ከታች ያለውን ባልዲ ደፋሽው። መረጃሽ ያለው አንድ ቦታ አይደለም፤ አራት ቦታ ነው፣ አንዱም ለሌላው ያቀብላል።

የመጀመሪያው ሰዓቱ ራሱ ነው። ስልክ በአጠገቡ ባይኖርም ለተወሰኑ ቀናት የለካውን ይይዛል። ልኩ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ለምሳሌ ፊትቢት አብዛኞቹ መሣሪያዎቹ የደቂቃ በደቂቃውን ዝርዝር ለ7 ቀን፣ የየቀኑን ድምር ደግሞ ለ30 ቀን እንደሚይዙ ይገልጻል። ሁለተኛው የአምራቹ ሰርቨር ነው፤ የሁለት ዓመቱ ዋና መዝገብ ያለው እዚያ ነው። ስልክሽ ላይ የነበረው አፕ ወደዚያ የምታዪበት መስኮት ብቻ ነበር፤ መስኮቱን ስታነሺ ቤቱ ባለበት ይቀራል። ሦስተኛው የስልኩ የራሱ የጤና ማከማቻ ነው፤ አይፎን ላይ Health፣ አንድሮይድ ላይ Health Connect የሚባለው። አራተኛው የአምራቹ አካውንት በቀጥታ የሚያቀብላቸው ሌሎች አገልግሎቶች ናቸው፤ ባንቺ ጉዳይ የሩጫው አፕ። አምራቹና የሩጫው አፕ የሚነጋገሩት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ስለሆነ ስልክሽ ቢጠፋም፣ ቢሰበርም፣ አፑ ከውስጡ ቢወጣም ንግግራቸው አይቋረጥም።

አንቺ ያጸዳሽው ሦስተኛውን ብቻ ነው። አፑን መልሰሽ ስትጭኚ ምን እንደሆነ ደግሞ በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። ሄልዝ ውስጥ የልብ ምት ገጽ ግቢ፣ ወደ ታች ወርደሽ «Show All Data» የሚለውን ንኪ። የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ ከሆኑት ቀናት አንዱን ምረጪና ከውስጡ አንዷን ንባብ ክፈቺ። እዚያ ገጽ ላይ «Source» የሚለው ንባቡን የጻፈውን አፕ ወይም መሣሪያ፣ «Date» የሚለው ልብሽ የተለካበትን ጊዜ፣ «Date Added to Health» የሚለው ደግሞ ንባቡ ወደ ማከማቻው የገባበትን ጊዜ ያሳይሻል። ልኬቱ የዓመት ተኩል ዕድሜ ይኖረዋል፤ የገባበት ቀን ግን አፑን መልሰሽ ከጫንሽ በኋላ ያለው ማለዳ ነው። ከደመሰስሽው ውስጥ ተርፎ የቀረ ቢሆን ኖሮ የገባበትም ቀን አሮጌ በሆነ ነበር። አፑ ወደ አካውንትሽ ሲገባ ሰርቨሩ ላይ ያለውን አይቶ፣ ሄልዝ ባዶ መሆኑንም አይቶ፣ የጎደለውን ሞላ። ለመጻፍ ደግሞ ፈቃድ ነበረው፤ ሲጫን በሚወጣው ገጽ ላይ ብዙዎቻችን ሳናነብ «Turn On All» ብለን እናልፋለን። እነዚህን ሁለት ቀኖች ማነጻጸር ልመጂ፤ መጨረሻ ላይም ይጠቅምሻል።

አሁን ወደ ሥራው። ቅደም ተከተሉን አትለዋውጪ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከሱ በፊት የመጣው መደረጉን ተማምኖ ነው የሚሠራው።

አፑ አሁን ስልክሽ ላይ ስላለ ለጊዜው ይቆይ። ሰዓቱን ከወንድምሽ ለአንድ ምሽት ተዋሺው፣ ቻርጅ አድርጊው፣ ከስልክሽ ጎን አስቀምጪው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የሰዓቱን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንሺ፤ ሪሴት ከተደረገ በኋላ ፍለጋው ያደክማል፣ ለአምራቹ መጻፍ ቢያስፈልግሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ሰዓቱ ላይ የክፍያ ካርድ አስገብተሽ ከነበረም አሁን አውጪው።

ቀጥሎ የሩጫውን ነገር እንጨርስ፤ ልታቆዪው የምትፈልጊው እሱን ብቻ ነውና። የሩጫውን አፕ ክፈቺና ሦስት ሩጫዎችን አንድ በአንድ ተመልከቺ፦ የመጀመሪያውን፣ ከመሐል አንዱን፣ የመጨረሻውን። ሦስቱም ከነካርታቸው ከተከፈቱ ግልባጫቸው በሩጫው አፕ ሰርቨር ላይ በራሱ ቆሟል ማለት ነው፤ የሰዓቱ አምራች ጋ ያለው ቢጠፋ በአብዛኛው አይነካቸውም። በጣም ለምትሳሺላቸው ሩጫዎች ግን ፋይሉን ማውረድ ይሻላል። ለምሳሌ ስትራቫ ላይ በኮምፒውተር ገብተሽ የሩጫውን ገጽ ስትከፍቺ «Export Original» የሚል ምርጫ አለ፤ ሰዓቱ የጻፈውን ፋይል እንዳለ ይሰጥሻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፦ እያንዳንዱ ሩጫ የልብ ምት መስመርና ከቤት የወጣሽበትን ነጥብ በውስጡ ይዟል። «ሩጫው ይቆይልኝ» ስትዪ እነሱም አብረው ይቆያሉ።

ሌላውንም ለማስታወሻ ማውረድ ከፈለግሽ ጊዜው አሁን ነው። ሄልዝ ላይ የፕሮፋይል ፎቶሽን ነክተሽ ወደ ታች ስትወርጂ «Export All Health Data» ታገኛለሽ፤ export.zip የሚባል ፋይል ያወጣልሻል፣ ውስጡ ያለው ዋናው ፋይል export.xml ነው። የሁለት ዓመት መረጃ ሲሆን ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ስልኩ የቆመ ቢመስልሽ አትደንግጪ። ፋይሉ ግን በይለፍ ቃል የተቆለፈ አይደለም። ማንኛውም ሰው ከፍቶ ያነበዋል፤ የወር አበባሽም ቀን በቀን ተጽፎበታል። ሰርቨር ላይ ያለውን ለማጥፋት ይህን ሁሉ ደክመሽ ግልባጩን ለራስሽ በኢሜይል ብትልኪው የትም አልደረስሽም።

አሁን ቧንቧዎቹን እንዝጋ። ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአፑ ወደ ሄልዝ የሚሄደው ነው፦ ሄልዝ ላይ የፕሮፋይል ፎቶሽን ንኪ፣ «Privacy» ከሚለው ሥር «Apps» ውስጥ ግቢ፣ የሰዓቱን አፕ ምረጪ፣ «Turn Off All» በዪ። እዚያው ላይ መረጃውን ለማጥፋት እጅሽን ያሳክክሽ ይሆናል፤ ትንሽ ታገሺ። ሁለተኛው ከአምራቹ ሰርቨር ወደ ሩጫው አፕ የሚሄደው ነው። የተገናኙ አፖች የሚል ዝርዝር በአምራቹ አካውንትም በሩጫው አፕም ውስጥ አለ፤ በሁለቱም በኩል አቋርጪው። ስትራቫ ላይ ከሆነ በዚህ አድራሻ ገብተሽ «Revoke Access» የሚለውን ትነኪያለሽ፦

```
www.strava.com/settings/apps
```

ስታቋርጪ የሚወጣ ጥያቄ ካለ አንብቢው፤ የቆየውንም አብሮ ላጥፋ ብሎ የሚጠይቅ አገልግሎት አለ፣ አንቺ ደግሞ ሩጫውን ማቆየት ነው የፈለግሽው። የይለፍ ቃል መቀየርን በዚህ ቦታ አትመኪበት። ሁለቱ ሰርቨሮች የሚተዋወቁት መጀመሪያ ስታገናኚያቸው በተሰጣቸው የራሳቸው ቁልፍ ነው፤ ያንቺን የይለፍ ቃል አያውቁትም፣ ስለዚህ ብትቀይሪውም ላይቋረጡ ይችላሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የረሳሻቸው ስሞች ካጋጠሙሽም አይግረምሽ፦ ከዓመት በፊት ለአንድ ሳምንት የሞከርሽው የምግብ ካሎሪ መቁጠሪያ፣ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው የእርምጃ ውድድር፣ አንድ የእንቅልፍ አፕ። እነሱ እስካሁን ሲቀበሉ ነው የቆዩት። ማቋረጥ የሚያስቆመው ከአሁን በኋላ የሚሄደውን ነው፤ እስካሁን የተቀበሉትን ለማጥፋት በየራሳቸው አካውንት ገብተሽ መጠየቅ አለብሽ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ሲንክ አድርጎ፣ ማለትም የያዘውን ወደ አፑ አራግፎ መጨረሱን ጠብቂ፣ ከዚያ በአፑ ውስጥ ሰዓቱን መርጠሽ አላቅቂው። አፑ «Remove Device»፣ «Unpair» ወይም የሚመሳሰል ቃል ይጠቀማል። ይህን ስታደርጊ ሰዓቱ በርቶ፣ ብሉቱዝም ኢንተርኔትም ክፍት ሆነው መሆን አለባቸው። ለምን መሰለሽ፣ ማላቀቅ ማለት ሁለት ሥራ ነው፦ ሰዓቱ ስልክሽን እንዲረሳ ማድረግ፣ ሰርቨሩ ደግሞ ይህ ሴሪያል ቁጥር የዚህች ሴት ነው የሚለውን መስመር እንዲሰርዝ ማድረግ። ወንድምሽ የገጠመው ሁለተኛው ነው። ሰዓቱን አሥር ጊዜ ሪሴት ቢያደርገውም ያ መስመር ያለው ሰዓቱ ውስጥ ስላልሆነ አይነሳም።

አፑ ተላቋል ካለሽ በኋላ ነው በሰዓቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ወደ ፋብሪካ ይዞታው የምትመልሺው። አንዳንዱ ሰዓት ሲላቀቅ ራሱን ያጸዳል። መጽዳቱን የምታውቂው ተነስቶ ሲበራ ቋንቋ ምረጥ ወይም ከስልክ ጋር አገናኘኝ ካለ ነው፤ ቀንና ሰዓት እያሳየ እርምጃ መቁጠሩን ከቀጠለ አልጸዳም። ከዚያ የአይፎንሽ «Settings» ውስጥ «Bluetooth» ገብተሽ ከሰዓቱ ስም ጎን ያለችውን የ«i» ምልክት ንኪና «Forget This Device» በዪ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል። የቆየው የብሉቱዝ ትውውቅ ስልክሽ ውስጥ ሲቀር ሰዓቱን ከሌላ ስልክ ጋር ማገናኘት አልፎ አልፎ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ደግሞ ለማንም ግልጽ አይሆንም። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ወይም ታብሌት ካለሽና አፑ እሱም ላይ ካለ እሱንም እንዲሁ አድርጊ፤ ሰዓቱን ከሚያውቁት ውስጥ አንዱ ነው።

አፕል ዎች ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከአይፎኑ Watch አፕ ውስጥ «Unpair Apple Watch» ስትሉ ሰዓቱ ይጸዳል፣ ባክአፑ አይፎኑ ላይ ይቀመጣል፣ «Activation Lock» የሚባለው ቁልፍም ይነሳል። በሰዓቱ ላይ ብቻ «Erase All Content and Settings» ብትሉ ግን ይጸዳል እንጂ ቁልፉ አይነሳም፤ የተቀበላችሁ ሰው የናንተን የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ሰዓቱ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ያስታወሳችሁ እንደሆነ በ icloud.com/find ገብታችሁ ከአካውንታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። በሁለቱም መንገድ ሄልዝ ውስጥ የተጠራቀመው መረጃ አይነካም፤ እሱ ለብቻው ነው የሚጠፋው።

አሁን አካውንቱ። ይህ ከሰዓቱ በኋላ የሚመጣበትን ምክንያት እኔ በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። ለአጎቴ ልጅ ሰዓት ስሰጥ ቸኩዬ አካውንቱን ቀድሜ አጠፋሁት፣ ሰዓቱን ሳላላቅቅ። ሰዓቱ በሌለ አካውንት ስም እንደተያዘ ቀረ። እኔ ገብቼ እንዳላላቅቀው የምገባበት የለም፣ እሱ እንዳያገናኘው ባለቤት አለው ይባላል። የግዢ ደረሰኝ ፈልጌ፣ ሴሪያል ቁጥሩን ከካርቶኑ ላይ አንብቤ፣ ከደንበኞች አገልግሎት ጋር ተጻጽፌ ነው ያስለቀቅኩት፤ ልጁም ሦስት ሳምንት የማይሠራ ሰዓት አስሮ ከረመ። ስለዚህ ወንድምሽ ሰዓቱን በራሱ አካውንት ማገናኘቱን ሳታዪ የማጥፊያውን ቁልፍ አትንኪ። እሱ ከተገናኘ ከሰርቨሩ ላይ መልቀቁ ተረጋግጧል፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከዚያ በፊት የምትከፍዪው ወርኃዊ ክፍያ ካለ ለብቻው አቋርጪው። በአፕ ስቶር በኩል የሚከፈል ከሆነ አካውንቱን ማጥፋት ክፍያውን አያስቆመውም። ሌላም አለ፦ የሰዓቱ አካውንት ኢሜይልሽንና ፎቶሽን ጭምር ከያዘ ትልቅ አካውንት ጋር አንድ ከሆነ፣ ማጥፋት ያለብሽ የጤና አገልግሎቱን ብቻ ነው። ማረጋገጫው ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አንብቢ፤ አገልግሎትን መሰረዝና አካውንትን መሰረዝ በሁለት ገጽ የተለያዩ፣ ግን በጣም የሚመሳሰሉ ናቸው።

የማጥፋት ጥያቄ ስታቀርቢ አብዛኛውን ጊዜ በኢሜይል ማረጋገጫ ይመጣል፣ ከዚያም ሐሳብሽን እንድትቀይሪ የሚሰጥ የጥቂት ቀናት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን «እስቲ ጠፍቶ እንደሆነ ልየው» ብሎ ይገባል፤ በአንዳንድ አገልግሎቶች መግባት ማለት ሐሳቤን ቀይሬአለሁ ማለት ነው፣ ጥያቄው ይሰረዛል፣ መረጃውም ይቀራል። አንቺ ባትገቢ እንኳ የይለፍ ቃልሽን ያስቀመጠ አፕ ሲከፈት በራሱ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ኢሜይሉን እንዳረጋገጥሽ አፑን ከስልክሽም ከሌሎቹም አጥፊ። መጀመሪያ ያደረግሽው ነገር ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነበር።

ጊዜው ካለፈም በኋላ ሁሉም ነገር በዚያችው ቀን አይጠፋም። ፊትቢት በራሱ አካውንት በሚሠራበት ዘመን በጻፈው የግላዊነት ፖሊሲ አብዛኛው መረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንደሚጠፋ፣ በባክአፕ ያለውን ጨምሮ ሁሉም እስኪጠፋ ግን እስከ 90 ቀን ሊወስድ እንደሚችል አስቀምጧል። የሌሎቹም በፖሊሲያቸው ውስጥ ይገኛል፤ ያንን ቀን ካላንደርሽ ላይ ጻፊ።

መጨረሻ ላይ ነው ሄልዝን የምታጸጂው፤ መጀመሪያ የደከምሽበት ሥራ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። ያው የ«Apps» ዝርዝር ውስጥ ግቢ፤ አፑን ስላጠፋሽው ስሙ ያልተጫኑ አፖች ከሚለው ክፍል ሊሆን ይችላል። ስሙን ንኪ፣ ወደ ታች ውረጂ፣ ከዚህ ምንጭ የመጣውን ሁሉ አጥፋ የሚለውን «Delete All Data» ምረጪ። ከዚያ «Devices» ውስጥም ግቢና ሰዓቱ በስሙ ተቀምጦ ካገኘሽው እንዲሁ አድርጊ። በዚህ መንገድ መሄዱ ጥቅም አለው፦ የሚጠፋው ሰዓቱ ያመጣው ብቻ ነው፣ ስልክሽ ራሱ የቆጠረው እርምጃና አንቺ በእጅሽ ያስገባሽው ክብደት ይተርፋሉ። ወንድምሽ የጨመረልሽ 9,412 እርምጃም አብሮ ይሄዳል።

የወር አበባ መዝገቡን ግን ለብቻው ተመልከቺው። አንዳንዱን ቀን በሰዓቱ አፕ፣ አንዳንዱን ደግሞ በሄልዝ ራሱ አስገብተሽ ከሆነ በምንጭ ማጥፋቱ ግማሹን ብቻ ያወጣል። «Cycle Tracking» የሚለውን ክፍል ፈልገሽ ግቢ፣ «Show All Data» ከዚያ «Edit» በዪ፣ የቀረውን ከዚያ አጥፊ። በስልክሽ ላይ የወር አበባ መከታተያ ሌላ አፕ ካለም የራሱ ሰርቨርና የራሱ ግልባጭ ሊኖረው ይችላል፤ እስካሁን የተናገርኩትን ሁሉ ለሱም መድገም ነው።

ሄልዝ በአይክላውድ የሚመሳሰል ከሆነ ያጠፋሽው ከሌሎቹ መሣሪያዎችሽም ይጠፋል፤ ኢንተርኔት እስኪያገኙ ብቻ ጠብቂ። የተረሳ አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ስልክሽን ኮምፒውተር ላይ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ባክአፕ አድርገሽ የምታውቂ ከሆነ የጤና መረጃው በውስጡ አለ። ያልተቆለፈው ባክአፕ የጤና መረጃ አይዝም፤ የተቆለፈው ግን ይይዛል። ከስድስት ወር በኋላ ስልክ ቀይረሽ ከዚያ ባክአፕ ብትመልሺ ሁሉም ነገር አብሮ ይነሳል። ዛሬ አዲስ ባክአፕ አድርጊና አሮጌውን አጥፊ።

አንድሮይድ ለምትጠቀሙም ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚለየው ስሙ ነው። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ Health Connect ከስልኩ ሲስተም ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ለብቻው የሚጫን አፕ ነበር። እዚያም የየአፑን ፈቃድ ቀድማችሁ አንሱ፣ ከዚያ መረጃውን አጥፉ። ከHealth Connect ማጥፋት አፖቹ በራሳቸው ዘንድ የያዙትን አይነካም፤ ፈቃዱ ካልተነሳ ደግሞ እህታችን ያየችውን ታያላችሁ።

የማይመለስም አለ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ከብዙ ሰው ጋር ተደምሮ ስም የተነሳለት መረጃ አካውንትሽ ሲጠፋ ተለይቶ አይወጣም። ስትራቫ በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. የተጠቃሚዎቹን ጉዞ በአንድ ካርታ አሰባስቦ አውጥቶ ነበር፤ የማንም ስም አልነበረበትም፣ ሆኖም በጥር 2018 ሰዎች በምድረ በዳ መሐል የሚያበሩ የሩጫ መስመሮችን አይተው የጦር ሰፈሮችን ለዩበት። እንደዚህ ያለ ካርታ ላይ አንዴ የተቀባ መስመር ያንቺ መሆኑ ተለይቶ አይታወቅም፣ ስለዚህ ተለይቶ አይጠፋም። ለመሥሪያ ቤት የእርምጃ ውድድር፣ ለአሠልጣኝ ወይም ለኢንሹራንስ ያጋራሽው ካለም ግልባጩ በእነሱ እጅ ነው።

አምራቹ አላጠፋም ብሎ ካንገላታሽ በጽሑፍ ጠይቂ፦ የአካውንቱን ኢሜይል፣ የሰዓቱን ሴሪያል ቁጥርና ጥያቄውን ያቀረብሽበትን ቀን ጨምረሽ፣ መጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልሽ። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ በሚሠራበት ቦታ ከሆንሽ አንቀጽ 17ን ጥቀሺ፤ መረጃን የማስጠፋት መብት የሚሰጠው እሱ ነው፣ ድርጅቱም በመርህ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ ሊመልስልሽ ይገባል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ሂፓ በሚባለው የጤና መረጃ ሕግ ላይ ብዙ አትተማመኑ፤ እሱ ሐኪም ቤቶችንና የጤና ኢንሹራንሶችን እንጂ ከሱቅ የገዛችሁትን ሰዓት አምራች በአብዛኛው አይመለከትም።

ሁሉንም ከጨረስሽ በኋላ ሦስት ቀን ጠብቂና ሄልዝ ውስጥ የልብ ምትን እንደገና ክፈቺ። «No Data» ካለ አለቀ። አዲስ ንባብ ካገኘሽ አንዷን ንኪና «Source» እና «Date Added to Health» ምን እንደሚሉ እዪ። ምንጩ የሰዓቱ አፕ ከሆነ በአንድ መሣሪያ ላይ ፈቃዱ አልተነሳም። ምንጩ የማታውቂው ስም ከሆነ ከተገናኙት ዝርዝር ውስጥ ያመለጠሽ አለ ማለት ነው፤ ስሙን ጻፊልኝ፣ በየት በኩል እንደሚገባ አብረን እንፈልገዋለን።